ደብረ ብርሃን ላይ የሚከራይ ቤት ከመግዛት በፊት፦ ስለ ኪራይ ምላሽና ስለ ተጣራ የሥራ ገቢ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ከተሞች የሚከራይ ቤት ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ በምሳሌዎቹ ያሉት ብሮች ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

የኪራይ ምላሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ዓመት ራሱን ይመልሳል?» ብሎ ነው። የኪራይ ምላሽ ይህንኑ ጥያቄ ገልብጦ በመቶኛ ማስቀመጥ ነው። የዓመቱን ኪራይ ለቤቱ ዋጋ ያካፍሉና በመቶ ያባዙት። በ20 ዓመት ራሱን የሚመልስ ቤት ምላሹ 5 በመቶ ነው፤ በ10 ዓመት የሚመልስ ደግሞ 10 በመቶ።

ነጋዴዎች መቶኛውን የሚመርጡት ብሩ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ከሚያስገኘው ጋር ወዲያው ስለሚነጻጸር ነው። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ 5 በመቶ የሚመልስ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ቀሪውን ከቦታው ዋጋ መጨመር እጠብቃለሁ ማለቱ ነው። መጠበቁ ስህተት አይደለም። ግን እየጠበቀ መሆኑን ይወቀው።

የተጣራ የሥራ ገቢስ?

ቤቱ በዓመት በእርግጥ ያስገባው ኪራይ ቤቱን እያከራዩ ለማቆየት የወጣው ወጪ ሲቀነስለት የሚተርፈው ነው። «በእርግጥ ያስገባው» የሚለውን ልብ ይበሉ። ክፍሉ ባዶ የቆየበት ወርና ተከራይ ሳይከፍል የወጣበት ብር አስቀድሞ ይቀነሳል። ከዚያ መብራት፣ ውሃ፣ ዘበኛ፣ ጥገና፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫ፣ የደላላ፣ የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ይወጣሉ። ይህንን ገቢ ለቤቱ ዋጋ ሲያካፍሉት የሚገኘው የተጣራ ምላሽ ይባላል። ሁለት ቤት ጎን ለጎን የሚመዘነው በዚህኛው ነው።

ደላላው የነገረኝ ምላሽ ከፍ ያለ ከሆነ መግዛት ነው፣ አይደል?

ደላላ የሚነግርዎት ጥቅሉን ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ተከራይተው፣ ማንም ሳይጎድል ከፍሎ፣ ምንም ሳይሰበር። ሁለት ቤቶችን እንይ። አንደኛው ደብረ ብርሃን ውስጥ 12 ክፍል ያለው ግቢ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞችና ጀማሪ ተቀጣሪዎች በየክፍሉ ይኖራሉ። ዋጋው 5,400,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ክፍል ኪራይ በወር 3,000 ነው። በዓመት 432,000 ብር፣ ማለትም 8 በመቶ። ሁለተኛው ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያሉ ሦስት ሱቆች ናቸው። ዋጋቸው 6,000,000፣ አንዱ በወር 10,000 ይከራያል። በዓመት 360,000፣ ማለትም 6 በመቶ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ግቢውን ይገዛሉ።

አሁን ግቢውን እንግለጠው። የክፍል ተከራይ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ሥራ ሲቀይር ይለቃል፣ ሲያገባ ይለቃል፣ ከጎረቤት ሲጣላም ይለቃል። አንዱ ክፍል በዓመት በአማካይ ወር ተኩል ባዶ ቢቆይ 54,000 ብር ይቀራል፤ ሳይከፍሉ የወጡት 12,000 ይጨመርበት። በእጅ የገባው 366,000 ነው። ከዚህ ላይ መብራትና ውሃ 54,000፣ ግቢ የሚጠብቅና ኪራይ የሚሰበስብ ሰው 42,000፣ ቀለም፣ ቁልፍ፣ ቧንቧና በር 36,000፣ ሽንት ቤት ማስመጠጥ 12,000፣ ደላላ 6,000፣ የማዘጋጃ ቤት ክፍያ 6,000 ይወጣል። ወጪው በድምሩ 156,000 ሲሆን የተረፈው 210,000 ነው። ለ5,400,000 ሲካፈል 3.9 በመቶ ሆነ።

ሱቆቹ ጋ ሲመጡ ነገሩ ሌላ ነው። ባለሱቅ ደንበኛ ስለያዘ ዝም ብሎ አይለቅም፤ ለባዶ ወር 15,000 እንያዝ። የራሱ ቆጣሪ አለው፣ ቀለሙንም መደርደሪያውንም ራሱ ያሠራል። ለባለቤቱ የሚቀሩት ጥገና 15,000፣ የጋራ ሽንት ቤት ጽዳት 6,000፣ የማዘጋጃ ቤት ክፍያ 9,000 እና ደላላ 5,000 ናቸው። ከ345,000 ላይ 35,000 ሲነሳ 310,000 ይቀራል፤ ይህ 5.2 በመቶ ነው። በ12 ዓመት ተኩል ይመልሳል የተባለው ግቢ ወደ 26 ዓመት ሲጠጋ፣ 17 ዓመት ሊወስድ ነው የተባሉት ሱቆች ከ19 ዓመት ትንሽ ዘለቁ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ።

የግቢው መብራት ወጪ ለምን ያን ያህል በዛ?

ብዙ ጊዜ ለግቢው ሁሉ ያለው ቆጣሪ አንድ ስለሆነ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ነው። 12 ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን በዝቅተኛው እርከን ይከፍል የነበረው ሰው ሁሉ ተደምሮ ከላይኛው እርከን ላይ ይቀመጣል። እሁድ ጠዋት ሦስት ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ ባልቦላው ይወድቃል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ማሞቂያ ያስገዛል። «መብራትና ውሃ በአከራይ» ተብሎ የተከራየ ክፍል ላይ የተከራዩ ምጣድ የእርስዎ ወጪ ነው።

ከዋናው ቆጣሪ ሥር ለየክፍሉ ንባብ የሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት የተለመደ መፍትሔ ነው። ሂሳቡን ያከፋፍላል፣ ጭቅጭቅም ይቀንሳል። እርከኑን ግን አያወርደውም፤ ለዚያ ለየብቻ ቆጣሪ ማስገባት ያስፈልጋል። ግቢ ሲያዩ ስንት ቆጣሪ እንዳለ ቆጥረው ይውጡ።

ሻጩ «ወጪ የለበትም» ይላል። እንዴት ላረጋግጥ?

አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም፤ የራሱን ድካም ስለማይቆጥር ነው። አንድ ግቢ ለማየት ሄጄ ሻጩን ጋሼን በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ የኪራይ ደብተር፣ በፌስታል ውስጥ የቧንቧ ላስቲክና ፒንሳ ይዘዋል። «ዘበኛ ምን ያደርግልኛል ልጄ፣ ዘበኛውም ቧንቧ ሠሪውም እኔው ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ቤቱን ስገዛ እሳቸውን አብሬ አልገዛቸውም። እዚያው ግቢ ለማይኖር ባለቤት ያ ሥራ ደሞዝ አለው። እዚያው ቢኖሩም እንኳ ለሌላ ሰው ይከፍሉት የነበረውን ያህል ወጪ ውስጥ ይጻፉት፤ ካልሆነ ጉልበትዎን የቤቱ ትርፍ አድርገው ይቆጥሩታል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ክፍል ካለም ያው ነው፦ ቢከራይ የሚያወጣውን ገቢ ውስጥ ያስገቡ፣ እርስዎ ሊኖሩበት ካሰቡም ኪራዩን ለራስዎ እንደከፈሉ ይያዙት።

ማረጋገጫው ወረቀትና ተከራይ ነው። የ12 ወር የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ የአንድ ወሩ አይበቃም። ደብተሩ ካለ ክፍያ የተዘለለበትን ወር ይዩ። ከዚያ ተከራዮቹን ለየብቻ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ትከፍላለህ፣ ከመቼ ጀምሮ ነህ። 12 ክፍል ውስጥ አምስቱ ከሦስት ወር በታች ከሆኑ፣ ክፍሎቹ ቶሎ ቶሎ እንደሚለቀቁ ወይም ለሽያጭ ሲባል በቅናሽ እንደተሞሉ ጠርጥሩ።

ስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብያለሁ። የዚህ ዓመት ገቢ ነው?

እጅዎ የገባበት ቀን ሳይሆን የኪራዩ ወር ነው የሚቆጠረው። ሰኔ ላይ የተቀበሉት ብር ሦስት ወሩ የሚቀጥለው ዓመት ከሆነ፣ ያንን ለሚቀጥለው ዓመት ያሻግሩት። ለመኖሪያ ቤት ደግሞ የኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሱቅን አይመለከትም። ስለዚህ የሁለቱን ዓይነት ቤቶች ገቢ በአንድ ልማድ አይገምቱ።

የባንክ ብድር ክፍያና የኪራይ ገቢ ግብር ይቀነሳሉ?

የተጣራ የሥራ ገቢ ላይ አይቀነሱም። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ብድሩ የቤቱ ሳይሆን የእርስዎ ነው፤ ያው ቤት በጥሬ ብር ለሚገዛ ሰው ብድር የለበትም። ግብሩም እንደዚሁ ባለቤቱ መዝገብ እንደሚይዝና እንደማይይዝ፣ ሌላ የሚከራይ ቤት እንዳለውና እንደሌለው ይለያያል። ቤትን ከቤት ለማወዳደር ከተፈለገ የባለቤቱ ጉዳይ ከመሃል መውጣት አለበት። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ግን ማንም ቢይዘው ከቤቱ ጋር ስለሚሄድ ይቀነሳል።

ቤቱን ከመረጡ በኋላ ሁለተኛ ሂሳብ ይሠራል። ከተጣራው የሥራ ገቢ ላይ የዓመቱን የብድር ክፍያና ግብሩን ቀንሰው ኪስዎ የሚገባውን ያዩበታል። ሱቆቹ 310,000 እያስገቡ የብድሩ ክፍያ 400,000 ከሆነ፣ ቤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን በየዓመቱ ከደሞዝዎ ይጨምሩለታል።

ጣሪያ ማስቀየር ጥገና ነው ወይስ ሌላ?

የፈሰሰበትን ቦታ ማስደፈን ጥገና ነው፣ የዓመቱ ወጪ ውስጥ ይገባል። ቆርቆሮውን ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ግን በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣ ትልቅ ወጪ ስለሆነ፣ በመጣበት ዓመት ቢጭኑት ቤቱ በዚያ ዓመት ብቻ የከሰረ፣ በሌሎቹ ያተረፈ ይመስላል። ስለዚህ ብዙዎች ከተጣራ የሥራ ገቢ ውጭ ያደርጉትና በየዓመቱ ለብቻው ይቆጥቡለታል። የግቢው ጣሪያ 300,000 ብር ቢፈጅና 20 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 15,000 ነው፤ ይህን ሲቀንሱ 3.9 የነበረው 3.6 በመቶ ይሆናል። ቀንሰውም ሳይቀንሱም ማስላት ይቻላል፤ አንዱን ቤት ቀንሰው ሌላውን ሳይቀንሱ ማወዳደር ግን አይቻልም። ሲያዩ ምስማሮቹ ዙሪያ ዝገት መኖሩን፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ መኖሩን ይመልከቱ፤ ሻጩ በቅርቡ ቀለም ካስቀባ ደግሞ በተለይ።

ቤቱን ከ15 ዓመት በፊት በ400,000 ነው የሠራሁት። ምላሼ ከ50 በመቶ በላይ አይደለም?

ያኔ ጥሩ እንደሠሩ ያሳያል እንጂ ዛሬ ቤቱ ጥሩ ይመልሳል ማለት አይደለም። ዛሬ ሸጠው 5,400,000 ማግኘት የሚችሉ ከሆነ፣ ቤቱን ላለመሸጥ በመወሰንዎ 5,400,000 አስቀምጠውበታል። 210,000 የሚካፈለው ለዚያ ነው። ይህን ስሌት ለአባቶቻችን ስንነግራቸው ይቆጡናል፤ «ቤቱን ልትሸጥብኝ ነው?» ይላሉ። ማንም ይሽጡ አላለም፤ ሁለት ቤት ያለው ሰው አንዱን ለልጁ ድግስ ሲሸጥ የቱን እንደሚሸጥ የሚያሳየው ግን የዛሬው ዋጋ ነው።

ሻጩ ሊዝ አይከፍልም። እኔስ?

ይህ የስንቱን ሂሳብ ያበላሸ ጥያቄ ነው። በ2004 የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ የተላለፈለት ሰው ቦታውን በሊዝ እንደሚይዝ ደንግጓል። ስለዚህ የሻጩ ደረሰኝ ላይ ያለው አነስተኛ የቦታ ኪራይ የእርስዎ ወጪ መለኪያ አይሆንም። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው በስምዎ ሲዛወር የሚመጣውን ያስሰሉ።

ሂሳቡ ላይ ሊዙን በሁለት መንገድ ማስገባት ይቻላል፦ የዓመቱን ክፍያ ከገቢው መቀነስ፣ ወይም የቀረውን ጠቅላላ የሊዝ ዕዳ በዋጋው ላይ መደመር። ሁለቱንም ካደረጉ አንድ ዕዳ ሁለቴ ቆጠሩ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሊዝ ክፍያ በሆነ ዓመት ያልቃል፣ ዘበኛና ጥገና ግን አያልቁም። ሱቆቹ ላይ 600,000 ብር የሊዝ ቀሪ ቢኖር እውነተኛው ዋጋ 6,600,000 ነው፤ 310,000 ሲካፈልለት 5.2 የነበረው 4.7 በመቶ ይሆናል። የስም ማዛወሪያውንም በዋጋው ላይ ይደምሩ።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ ምላሹ ከደብረ ብርሃን ከፍ ቢል ወደዚያ ልሂድ?

መጀመሪያ ለምን ከፍ እንዳለ ይጠይቁ። ምላሽ የሚጨምረው በሁለት መንገድ ነው፦ ኪራዩ ሲወደድ ወይም ቤቱ ሲረክስ። ገዢ የሚፈራው ነገር ካለ ቤቱ ይረክሳል፣ ኪራዩ ግን ሰው ያለ መጠለያ ስለማይኖር ያን ያህል አይወርድም። መቶኛው አድጎ የሚታየው ያኔ ነው። አጣዬ በ2013 ምን እንደደረሰባት የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ ቤት ከነንብረቱ ተቃጥሎ የቀረበት ባለንብረት ብዙ ነው። እዚያ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ተጨማሪ ሁለት ወይም ሦስት በመቶ የዚያ ስጋት ክፍያ ነው።

ሰነድም እንደዚያው ነው። ካርታ የሌለው ቤት ረክሶ ስለሚሸጥ ምላሹ ያምራል፤ ለባንክ ማስያዣ አይሆንም፣ ሲሸጥም በረከሰበት ዋጋ ነው። ከተማን ከከተማ ለማነጻጸር ከፈለጉ ሰነዱ የተሟላን ከተሟላ፣ ሱቅን ከሱቅ ጋር ያወዳድሩ።

ሱቅ አንድ ጊዜ ባዶ ከቀረ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህ ስሌቱን አይቀይረውም?

ይቀይረዋል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሦስት ሱቅ አንዱ ሲለቀቅ ሲሶው ገቢ ቆመ ማለት ነው። 15,000 ብለን የያዝነውን ትተን አንዱ ሱቅ ስድስት ወር ባዶ ቆየ እንበል፤ 60,000 ይቀራል። የተጣራው 265,000፣ ማለትም 4.4 በመቶ ይሆናል። አሁንም ከግቢው 3.9 ይበልጣል።

የግቢውን ድክመት በሌላ በኩል ማየትም ይቻላል። ከሁለቱም ቤቶች የሚገባው ኪራይ በ10 በመቶ ይቀንስ፣ ወጪው ግን ባለበት ይሁን። የግቢው የተጣራ ገቢ ከ210,000 ወደ 173,400 ይወርዳል፣ 17 በመቶ ገደማ ነው። የሱቆቹ ከ310,000 ወደ 275,500፣ 11 በመቶ ገደማ። ዘበኛው ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ ብሎ ደሞዙን አይቀንስልዎትም። ወጪ የበዛበት ቤት ክፉ ዓመት ሲመጣ ቀድሞ ይጎዳል። በተቃራኒው ኪራይ ሲጨምር ግቢው ፈጥኖ ያድጋል፤ እዚያው የሚኖርና ወጪውን ማውረድ የሚችል ሰው ቢመርጠው አይፈረድበትም።

ይህን ቁጥር ለመከራከር እንዴት ልጠቀምበት?

ገልብጡት። በአካባቢው ሰነዳቸው የተሟላ ተመሳሳይ ግቢዎች በቅርቡ በስንት እንደተሸጡና ምን እንደሚያስገቡ ጠይቀው፣ የተጣራ ምላሻቸው 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ካገኙት፣ 210,000ን ለ0.05 ያካፍሉ፤ 4,200,000 ይመጣል። ሻጩ 5,400,000 ሲል 1,200,000ው ከኪራይ የማይመለስ ነው። ምናልባት ቦታው ሰፊ ሆኖ ፎቅ የሚያሠራ ይሆናል፣ ወይም መንገድ ሊወጣበት ይሆናል። ከሆነ ልዩነቱ ስም አለው፣ ዋጋም ሊኖረው ይችላል። ሻጩ «ዘንድሮ ሁሉም ጨምሯል» ከማለት በቀር ምንም ካላለ ግን፣ ወረቀትዎን አውጥተው መስመር በመስመር ያሳዩት፦ ይህ መብራት ነው፣ ይህ ዘበኛ፣ ይህ ባዶ የሚቆየው ወር። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ደግሞ ደብተሩን አምጥቶ «እስኪ አብረን እንየው» ይላል።